«አብሽር፣ ይሸፈናል» ከተባለ በኋላ፦ አዲስ ሥራ ከመጀመር በፊት ከኢንሹራንስ የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዴት ይጠየቃል?

ኮምቦልቻ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ወዳጄ ከአልጋና ከቁም ሣጥን ሥራው ጎን የብረት በርና መስኮት መሥራት አሰበ። ሁለት የብየዳ ማሽንና አንድ ግራይንደር ገዛ፣ በያጅ አነጋገረ፣ ከዚያ ለኢንሹራንስ ወኪሉ ደወለ። «ብየዳ ልጨምር ነው፤ ያለኝ የእሳት ዋስትና ይይዘዋል?» ሲለው ወኪሉ ሳያቅማማ «አብሽር፣ ይሸፈናል» አለው።

ወሎ ውስጥ አብሽር የተባለ ሰው ልቡ ያርፋል። የወዳጄም ልብ አርፎ ነበር። ማታ ቡና ላይ ጉዳዩን ሲያነሳልኝ ግን እኔ አላረፍኩም። ደሴ ውስጥ በአንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ የውል ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ያ ቃል ካሳ ሲጠየቅ የት እንደሚገባ አውቃለሁ። የትም አይገባም። ወኪሉ ዋሽቶ አይደለም። ውሉን የሚፈርመው እሱ አይደለም፤ ቃጠሎ ቢደርስ ፋይሉን የሚከፍተውም እሱ አይደለም። የካሳ ክፍል ሠራተኛ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ወረቀት ያነባል፤ በስልክ የተባለውን አይሰማም።

ሕጉም ከወረቀቱ ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1725 የመድን ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በቁጥር 1722 ደግሞ በተለየ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም ነው ይላል። በጽሑፍ የተገባ ውል በስልክ አይሰፋም ማለት ነው። የ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የ1952ቱ የመድን ክፍል እንዳለ ስለቀጠለ፣ ስጋትን የሚጨምር ለውጥ ሲመጣ ለመድን ሰጪው የማሳወቅ ግዴታም እንዳለ ነው። ግዴታው የእኛ የመድን ገቢዎች ነው። ስንት ቀን እንደተሰጣችሁ ከፖሊሲያችሁ ላይ ፈልጋችሁ አስምሩበት። የዚህ ጽሑፍ ምክር ግን ከዚያም ቀደም ይላል፤ ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ ነው የሚለው።

ከዚህ በታች ከወዳጄ ጋር የሄድንበትን መንገድ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የእናንተ ሥራ ብየዳ ላይሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር መሸጥ፣ መጋዘን ውስጥ የሰው እህል በአደራ ማስቀመጥ፣ ዳቦ ቤት ላይ የጋዝ ምድጃ መጨመር ሊሆን ይችላል። መንገዱ ያው ነው።

1. ፖሊሲውን አውጡና የሥራውን ዓይነት የሚናገረውን መስመር ፈልጉ

አብዛኛው ሰው ከፖሊሲው የሚያውቀው የዓረቦን ደረሰኙን ብቻ ነው። ፖሊሲው ራሱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ሁሉንም ገጽ ማንበብ ግን የለበትም። ከፊት ያለው ሠንጠረዥ፣ ሼጁል የሚባለው ገጽ፣ ይበቃል። እዚያ ላይ የመድን ገቢው ሥራ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ተጽፏል። ንብረቱ የት እንዳለና በስንት ብር እንደተገመተም አለ። ቀጥሎ ዋራንቲ የሚል ቃል ያለበትን ቦታ ሁሉ ይፈልግላችሁ። ዋራንቲ መድን ገቢው «ይህን አደርጋለሁ፣ ያን አላደርግም» ብሎ የገባው ግዴታ ነው።

የወዳጄ ሼጁል ላይ የተጻፈው ሲተረጎም «የእንጨት ሥራና የቤት ዕቃ ማምረቻ» ይላል። ብረት የሚል ቃል የለም። ከታች ደግሞ ሰጋቱራ በየቀኑ ተጠርጎ ከቤት ይውጣ፣ በሥራ ቦታው ውስጥ ክፍት እሳት አይኑር የሚሉ ሁለት ዋራንቲዎች አሉ። ብየዳ ክፍት እሳት ነው ወይስ አይደለም? እኔ ነው እላለሁ፤ ወኪሉ አይደለም ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ክርክር መነሳት ያለበት ዕቃው አመድ ከሆነ በኋላ አይደለም። ደብዳቤ የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

እዚሁ ላይ ሌሎቹን ፖሊሲዎችም ቁጠሩ። አዲስ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ውል ይነካል። ወዳጄ የሠራተኞች ጉዳት ዋስትናም አለው፤ እዚያ ላይ የተመዘገቡት አናጺዎች ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪውን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ስለሚያደርገው፣ በያጁ ዓይኑን ቢጎዳ ኢንሹራንሱ ባይከፍል ወዳጄ ከኪሱ ይከፍላል። በሩን ደንበኛው ቤት ሄዶ ሲገጥም በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ግን ጭራሽ ዋስትና የለውም። እሱን ለብቻው መግዛት ነበረበት።

2. ሥራውን በቁጥር ግለጹ

«የብረት ሥራ ልንጀምር ነው» የሚል ደብዳቤ ለመድን ሰጪው ምንም አይነግረውም። መላሹም በዚያው ልክ ለስለስ ያለ መልስ ይጽፍላችኋል። የውል ክፍል ሠራተኛ ማወቅ የሚፈልገው እሳቱ ከየት እንደሚነሳና ምን ሊያገኝ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ።

እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ለካን። ብየዳው የሚሠራበት ቆርቆሮ ጥላ ከጣውላው መጋዘን ግድግዳ 9 ሜትር ይርቃል። በመካከል ምንም ግንብ የለም። ማሽኖቹ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ኦክስጅንና አሴቲሊን የለም። ቫርኒሽና ቲነር 3 ጀሪካን አለ፤ የተቀመጠው ደግሞ ከጥላው ጀርባ ነበር። ይህን ስናይ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ሰኞ ጠዋት ጀሪካኖቹ ወደ ሌላ ክፍል ሄዱ።

የግራይንደር ፍንጣሪ ሩቅ ይሄዳል። በዓለም አቀፍ የብየዳ ደኅንነት ልማድ ዙሪያውን 11 ሜትር ያህል ተቀጣጣይ ነገር እንዳይኖር፣ መራቅ ካልተቻለ እንዲከለል የሚባለው ለዚህ ነው። ሰጋቱራ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ወዲያው አይነድም። ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ቆይቶ ሰው ከሄደ በኋላ ይነሳል። ስለዚህ ብየዳው ካበቃ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። መልሱን ቀድማችሁ ደብዳቤው ውስጥ ካስገባችሁ አንድ ዙር ምልልስ ታተርፋላችሁ።

ደካማ ጎናችሁን አትደብቁ። 9 ሜትር ከሆነ 9 ሜትር በሉ። 15 ብሎ የጻፈ ሰው የሚያገኘው ማረጋገጫ 15 ሜትር ላለው ግቢ እንጂ ለእሱ ግቢ አይደለም። ካሳ ሲጠየቅ የሚመጣው መርማሪም ሜትር ይዞ ነው የሚመጣው።

የንብረቱንም ግምት አብራችሁ አስተካክሉ። የወዳጄ ማሽኖች በ600,000 ብር ዋስትና ተገብቶላቸው ነበር፤ አዲሶቹ ሲጨመሩ ዋጋቸው 800,000 ሆነ። ግምቱን ሳያሳድግ የ200,000 ብር ማሽን ቢቃጠልበት፣ ድርጅቱ 600,000ን ለ800,000 አካፍሎ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 150,000 ብር ነው የሚያስበው። ከዚያ ላይ ደግሞ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ይቀነሳል። የብየዳ ሽፋን «አለህ» ተብሎም ቢያንስ 50,000 ብር በራስ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

ንግድ ፈቃዱንም አትርሱ። ፈቃዱ የእንጨት ሥራ ብቻ ከሆነ የብረታ ብረት መስኩን ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስጨምሩና ኮፒውን አያይዙ። ያለ ፈቃድ ለሚሠራ ሥራ ማረጋገጫ የሚጽፍ ድርጅት አይገኝም፤ ቢገኝም እኔ አላምነውም።

3. ደብዳቤው

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ጥያቄው ግን መሸሻ የሌለው ይሁን። «ሽፋን እንዳለን እንዲገለጽልን» አትበሉ። የትኛው ፖሊሲ፣ የትኛው ሥራ፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ የሚለውን ለይታችሁ ጠይቁ። የጻፍነው ይህን ይመስላል፤ ስምና ቁጥሩን አውጥቼዋለሁ።

> ለ ……… መድን ድርጅት
> ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ
>
> ጉዳዩ፦ በፖሊሲ ቁጥር ……… ላይ የሥራ ዓይነት እንዲጨመርና ሽፋኑ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን ስለመጠየቅ
>
> በተጠቀሰው የእሳት ዋስትና ፖሊሲ የእንጨት ሥራና የቤት ዕቃ ማምረቻችን ዋስትና ተገብቶለታል። ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ በዚያው ግቢ የብረት በርና መስኮት ማምረት ለመጀመር አቅደናል። ሥራው የሚከናወነው በ2 የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽንና በ1 ግራይንደር፣ ከጣውላ መጋዘኑ በ9 ሜትር ርቀት ባለ ክፍት የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በ2 ሠራተኞች፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ከሰዓት 10፡00 ነው። የጋዝ ብየዳ አንጠቀምም። በጥላው ሥር ሁለት ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኖራል፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ጥበቃው ለአንድ ሰዓት ቦታውን ይከታተላል። የማሽኖች ግምት ከ600,000 ወደ 800,000 ብር ከፍ እንዲልልን እንጠይቃለን።
>
> ስለሆነም፦
> አንደኛ፣ ከላይ የተገለጸው ሥራ በፖሊሲው የተሸፈነ መሆኑን ወይም አለመሆኑን፤
> ሁለተኛ፣ በብየዳው ምክንያት በእንጨት ሥራው ሕንፃ፣ ማሽንና ዕቃ ላይ የሚደርስ ቃጠሎም የሚሸፈን መሆኑን፤
> ሦስተኛ፣ «ክፍት እሳት አይኑር» የሚለው ዋራንቲ ብየዳን የሚመለከት መሆኑን ወይም አለመሆኑን፤
> አራተኛ፣ ተጨማሪ ዓረቦንና ቅድመ ሁኔታ ካለ ምን እንደሆነ
> በጽሑፍ እንዲገለጽልንና የፖሊሲ ማሻሻያ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ማሻሻያው ሳይደርሰን ሥራውን አንጀምርም።
>
> አባሪ፦ የንግድ ፈቃድ ኮፒ፣ የማሽኖች ግዢ ደረሰኝ፣ የግቢው ንድፍ

ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል እንጂ የደብዳቤው ልብ እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ አዲሱ ሥራ ብቻ ነው። ፍንጣሪው የሚያቃጥለው ግን በአብዛኛው የብየዳ ማሽኑን ሳይሆን አጠገቡ ያለውን የአሥር ዓመት ጥሪት ነው። የድሮው ንብረት በአዲሱ ሥራ ምክንያት ዋስትናውን እንዳያጣ በግልጽ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወዳጄ «ራሴን አሰርኩ» ብሎ ሊያወጣት ነበር። ተዋት አልኩት። ድርጅቱ ነገሩን ቸል እንዳይለው ታደርጋለች፤ እሱም ቃሉን ጠብቆ እንደነበር ታሳያለች።

ለሠራተኞች ጉዳት ዋስትናው ለየብቻ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ የበያጁን የሥራ መደብና ደመወዝ ጥቀሱ። ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ደብዳቤ ከከተታችሁ አንዱ ተመልሶ ሌላው ሲረሳ አይቻለሁ።

4. ማስገባትና መከታተል

በሁለት ኮፒ አትሙ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእናንተ ኮፒ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። በወኪል በኩል ከላካችሁትም ማኅተም ያለበት ኮፒ ይመለስላችሁ። ሥራ ለመጀመር ካሰባችሁበት ቀን ቢያንስ ከሦስት ከአራት ሳምንት በፊት ይሁን፤ ቅርንጫፉ እንዲህ ያለ ስጋት በራሱ ሥልጣን መቀበል ካልቻለ ጉዳዩ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሶ ነው የሚመለሰው። ሳምንት ካለፈ በአካል ሂዱ። ቦታውን ለማየት ሰው እንልካለን ካሉ ደስ ይበላችሁ፤ ያየው ሰው የፈረመበት ሪፖርት ኋላ ላይ «አልተነገረንም» እንዳይባል ይጠቅማል። ዝምታን ግን እንደ እሺታ አትቁጠሩ።

5. መልሱን ማንበብ

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። የመጀመሪያው መልስ ለወዳጄ የመጣው በዘጠኝ ቀኑ ነው፦ «የላካችሁት ደብዳቤ ደርሶን የተመለከትነው መሆኑን እንገልጻለን።» ፊቱ በርቶ አመጣልኝ። ይህ ማረጋገጫ አይደለም፤ የደረሰኝ ያህል ነው። ተመለከትነው እንጂ ተቀበልነው አይልም።

እንደገና ሄደ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ ተመዝግቦልዎታል እኮ» አለችው። እሱም «ልጄ፣ መመዝገቡንስ አይቻለሁ፤ ይሸፈናል የሚል ቃል የቱ ጋ ነው?» ብሎ በጣቱ አሳያት። እሷም አየችው፤ ወደ አለቃዋ ይዛው ገባች።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ያሳስታል፦ «ሽፋኑ በፖሊሲው ውሎችና ሁኔታዎች መሠረት ይሆናል።» እሺ ያለ ይመስላል። ነገር ግን የጠየቅነው ራሱ ፖሊሲው ምን እንደሚል ነው፤ መልሱ ወደ ፖሊሲው መልሶ ይልከናል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ አትጨቃጨቁ። በዚያው ላይ ጠቅሳችሁ ሌላ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ «በቀን … ለጠየቅናቸው አራት ጥያቄዎች በየተራ መልስ እንዲሰጠን።» ተራ ቁጥር ያለው ጥያቄ ተራ ቁጥር ያለው መልስ ይስባል።

ሦስተኛው መልስ እውነተኛው ነበር። ሽፋኑን እንቀበላለን፣ ተጨማሪ ዓረቦን ይከፈላል፣ ብየዳው ከጣውላ መጋዘኑ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቅ። ወዳጄ ሊፈርም ብዕር አንስቶ ነበር። ግቢው ግን ከዳር እስከ ዳር ቢለካ 15 ሜትር የሚያወጣ ቦታ የለውም። ሊፈጽመው የማይችለውን ዋራንቲ የፈረመ ሰው ዓረቦን ከፍሎ ያለ ዋስትና የሚሠራ ሰው ነው፤ ካሳ የሚከለክለውን ምክንያት ራሱ በፊርማው ሰጥቷል። ስለዚህ መልሰን ጻፍን፦ ርቀቱን ማሟላት አንችልም፤ በምትኩ በጥላውና በመጋዘኑ መካከል የብሎኬት ግንብ ብንሠራ ትቀበላላችሁ? ሰው መጣ፣ ለካ፣ አዎ ብሎ ሄደ፤ ነገር ግን ግንቡ ከመጋዘኑ ጣሪያ ከፍ ማለት አለበት አለ። ግንቡ ተሠራ፣ ፎቶው ተላከ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ወረቀት ኢንዶርስመንት ወይም የፖሊሲ ማሻሻያ ይባላል። ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ማሻሻያ ግን የውሉ አካል ስለሆነ ከደብዳቤ ይበልጣል። ስትቀበሉት የፖሊሲ ቁጥሩ የእናንተ መሆኑን፣ የአዲሱ ሥራ ስም በግልጽ መጻፉን፣ የሚጸናበት ቀን ሥራ ከምትጀምሩበት ቀን አለመዘግየቱን፣ የድሮው «ክፍት እሳት» ዋራንቲ መሻሻሉን፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን እዚያው ቆማችሁ እዩ። ተጨማሪውን ዓረቦን ከፍላችሁ ደረሰኙን ካልያዛችሁ ወረቀቱ ብቻውን አያድናችሁም፤ ዓረቦን ካልተከፈለ ሽፋን የለም የሚለው በየመስኮቱ የሚሠራበት ደንብ ነው። በንብረቱ ላይ የባንክ ብድር ካለም አንድ ኮፒ ለባንኩ አድርሱ።

ማሻሻያው የማይለውጠውንም እወቁ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ነጋዴ የተለመደው የእሳት ዋስትና ጦርነትን እንደማያካትት ያወቀው ንብረቱ ከሄደ በኋላ ነው። የብየዳ ማሻሻያ ያንን በር አይከፍትም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ሽፋን ነው።

መልሱ «አንሸፍንም» ከሆነስ? እሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ሌላ ድርጅት ትጠይቃላችሁ፣ ወይም ብየዳውን ወደ ሌላ ግቢ ታወጣላችሁ። አዲሱ ውል በእጃችሁ ሳይገባ ግን ያለውን ፖሊሲ አታፍርሱ። መልስ ጭራሽ እየተነፈጋችሁ ከተጉላላችሁ መጀመሪያ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ የመድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል፤ ማኅተም ያለበት ኮፒያችሁ ያን ጊዜ ይፈለጋል።

ወዳጄ ከየካቲት 1 ቀን ይልቅ የካቲት 24 ቀን ጀመረ። በሃያ ሦስቱ ቀን ሁለት ደንበኛ ሄደበት፤ እስካሁን ያነሳብኛል። ፖሊሲው ሲታደስ ግን አዲሱን ሼጁል ይዞ መጣና «ና እስቲ ተመልከት» አለኝ። የሥራው ዓይነት በሚለው መስመር ላይ «የእንጨት ሥራና የቤት ዕቃ ማምረቻ» ብቻ ተጽፏል። ሲያድሱ የቀዱት ከድሮው ፋይል ነው፤ ማሻሻያው ቀርቷል። በዚያው ቀን ያለፈውን ማሻሻያ ኮፒ አያይዞ ወደ ቅርንጫፉ ሄደ፤ መስመሩ እስኪታረም ድረስም በያጁን ዕረፍት ላከው።